በር ላይ ስትደርሺ

የእህቴ ልጅ ለሥራ ወደ ዱባይ ልትሄድ አራት ቀን ሲቀራት ልትሰናበተኝ ቤቴ መጣች። ቪዛዋ ወጥቷል፣ ሻንጣዋ ተመዝኗል፣ የቀራት ዘመድ መሰናበት ብቻ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ አውሮፕላን ውስጥ ሲገባ የሚነገር ነገር አለ አሉ። በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ነው አሉ። ባይገባኝስ?» አለችኝ።

እኔ ብዙ ጊዜ በርሬያለሁ። ያንን መግለጫ ግን ሰምቼዋለሁ ለማለት አልደፍርም፤ አስተናጋጇ እጇን ወዲያና ወዲህ ስትዘረጋ እኔ ጋዜጣ እገልጣለሁ። ልጅቷ እንዲህ ስትጠይቀኝ መልስ እንደሌለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው።

የምትሳፈርበት አየር መንገድ መግለጫውን በቪዲዮ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል። አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሙዚቃ አለው፣ ጭፈራ አለው፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ የለበሱ ሰዎች አሉበት። ሁለት ጊዜ አብረን አየነውና ምን እንደያዘች ጠየቅኳት። የጨፋሪዎቹን ልብስ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ስለ ጭምብሉም ስለ ጃኬቱም የያዘችው አልነበረም።

እንግዲህ ላሳጥርላት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ማሳጠር ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። ቪዲዮውን እያቆምኩ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ ረዘም ያለውን ቆረጥኩ፣ የተደጋገመውን ሰረዝኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አምስት መስመር ቀረኝ። አንዱ መስመር፣ «አውሮፕላኑ ውኃ ላይ ካረፈ ጃኬቱን ልበሺ፣ ቀዩን ሳቢ» ይል ነበር። አጭርና ግልጽ መሰለኝ። አስጠናኋት፤ በቃሏ ወጣችው።

በማግስቱ ስልክ ደወልኩና ጠየቅኳት። «ጃኬቱን እለብሳለሁ፣ ቀዩን እስባለሁ» አለችኝ፤ በኩራት ጭምር።

«መቼ ነው የምትስቢው?»

«እንደለበስኩ ነዋ!»

ዝም አልኩ። ቪዲዮው ያንን አይልም። ቪዲዮው «ከአውሮፕላኑ ስትወጡ» ይላል። ያቺን ሐረግ መስመሩን ያስረዝማል ብዬ የቆረጥኳት እኔ ነኝ። ቪዲዮው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ደግሞ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ፈጽሞ መቁረጥ የሌለበት ቃል ቢኖር እሷ ናት።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 767 ነው፤ 175 ሰው ይዟል። መንገድ ላይ ሦስት ጠላፊዎች ወደ አብራሪዎቹ ክፍል ገብተው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግሞ ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ አውሮፕላኑ ከኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ነበር። ካፒቴኑ በጠፋ ሞተር፣ ጠላፊ እየታገለው፣ ከታላቋ ኮሞሮ ዳርቻ ገላዋ ከሚባለው ሆቴል ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ አሳረፈው። የግራው ክንፍ ቀድሞ ውኃውን ነካና አውሮፕላኑ ተሰባበረ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ 50 ተረፉ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በኋላ የተነገረው ነው። ካረፉ በኋላ በሕይወት ከነበሩት መካከል ጃኬታቸውን ገና ቤቱ ውስጥ ሳሉ በአየር የሞሉ ነበሩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ውኃ ሲገባ፣ በአየር የተሞላ ጃኬት የለበሰ ሰው እንደ ኳስ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ጣራው ግን ዝግ ነው። መውጫው በርም ሆነ የተሰነጠቀው ግድግዳ ከበታቹ፣ ከውኃው ሥር ይቀራል። እዚያ ለመድረስ ጠልቆ መዋኘት አለበት፤ ጃኬቱ ደግሞ የተሠራው ሰው እንዳይጠልቅ ነው። ሊያድነው የተሰጠው ዕቃ ጣራው ላይ ያጣብቀዋል። ጃኬቱን ሳይሞላ የለበሰ ሰው ግን ጎንበስ ብሎ፣ ወንበር እየያዘ፣ ወደ ቀዳዳው ሊሳብ ይችላል።

ጃኬቱ አሠራሩ ቀላል ነው። ግርጌው ላይ ቀይ መሳቢያ ይንጠለጠላል። ሲሳብ በውስጡ ያለች ትንሽ የጋዝ ጠርሙስ ትከፈትና ጃኬቱ በሰከንዶች ውስጥ ይሞላል። ጠርሙሷ አንድ ጊዜ ከተከፈተች አበቃ። ስለዚህ በዚህ ትእዛዝ ውስጥ «ሳቢ» የሚለው ቃል ብቻውን ግማሽ እውነት እንኳ አይደለም። «በር ላይ ስትደርሺ» ከሚለው ከተለየ፣ ትእዛዙ የሚጎዳ ትእዛዝ ሆኗል። እኔ ያደረግኩት እሱን ነበር፤ መልእክቱን ያሳጠርኩ መስሎኝ ትርጉሙን ገለበጥኩት።

የጃኬቱን መስመር ብቻ አርሜ ልተወው አልሆነልኝም። የተቀሩት አራት መስመሮች ውስጥስ ምን ቆርጬ ይሆን? ሥራውን እንደገና ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ ከመቁረጥ በፊት ሁሉንም ለመጻፍ ወሰንኩ። ቪዲዮውን እያቆምኩ ትእዛዝ የሆነውን ነገር ሁሉ በየመስመሩ አሰፈርኩ። 24 ሆነ። አራት ደቂቃ ተኩል ውስጥ 24 ትእዛዝ፤ በአማካይ በ11 ሰከንድ አንድ ማለት ነው። ይህን ያህል የበዛው አየር መንገዱ መናገር ስለሚወድ አይደለም። ምን ምን መነገር እንዳለበት የሚደነግገው የየአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ሕግ ነው፤ ሕጉ ደግሞ ዋናውንና ተራውን ለይቶ አያስቀምጥም። ሲጋራ አለማጨስም፣ ጭምብል ማጥለቅም በአንድ ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ፈገግታ ይነገራሉ። መለየቱ የሰሚው ሥራ ነው።

ለመለየት ሁለት ጥያቄ አወጣሁ። የመጀመሪያው፦ ይህን ነገር ባትይዘው በሰዓቱ የሚነግራት ሰው አለ ወይ? ወንበር ማቅናት፣ ጠረጴዛ ማጠፍ፣ የመስኮት መጋረጃ መክፈት፣ ስልክን ለበረራ ማስተካከል፣ ሻንጣን ከላይ ማስቀመጥ፣ እነዚህን ሁሉ አስተናጋጆቹ ወንበር ለወንበር እየዞሩ ያያሉ። የረሳውን ያስታውሱታል፤ እንግሊዝኛ ባይችል በእጃቸው ያሳዩታል። በዚህ ጥያቄ አሥሩ ወደቁ። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ዕቃው ራሱ አይናገርም ወይ? ጃኬቱ ላይ ፊሽካ አለ፣ ውኃ ሲነካት የምትበራ መብራት አለች፣ በአፍ የሚነፋበት ቱቦ አለ። ወለሉ ላይ ወደ መውጫ የሚመሩ መብራቶች አሉ። እነዚህ ስትደርስባቸው ፊቷ ይጠብቋታል። በዚህ ጥያቄ ሌላ ሰባት ወደቀ።

ሰባት ቀረ። እነዚህ ሰባቱ የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ማንም ሳይነግራት፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ ብዙ ጊዜም ከለመደችው በተቃራኒ ራሷ በእጇ የምታደርጋቸው ናቸው።

ቀበቶው አንዱ ነው። የአውሮፕላን ቀበቶ የመኪና ቀበቶ አይደለም። የመኪናው በአውራ ጣት ተጭኖ ይፈታል፤ የአውሮፕላኑ መክደኛ መሰል ብረቱን ወደ ላይ በማንሣት ነው የሚፈታው። መግለጫው ይህን ሲያሳይ ብዙ ሰው «ቀበቶ መፍታት ማን ያስተምረኛል» ብሎ ይስቃል። እኔም ስቄያለሁ። በድንጋጤ ጊዜ ግን እጅ የሚሄደው ወደለመደው ነው፤ በጭስ ውስጥ ቀበቶውን እንደ መኪና ቀበቶ እየተጫነ የሚታገል ሰው የአደጋ መርማሪዎች የሚያውቁት ነገር ነው። ልጅቷ ደግሞ በሕይወቷ የታሰረችው ቀበቶ ቢኖር የታክሲ የፊት ወንበር ቀበቶ ነው።

በሩን ማወቅ ሌላው ነው። ነሐሴ 1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በእንግሊዟ ማንቸስተር አንድ ቦይንግ 737 ለመነሣት ሲያኮበኩብ የግራ ሞተሩ ፈንድቶ እሳት ተነሣ። አውሮፕላኑ መሬት አልለቀቀም፤ ቆመ። ከ137 ሰዎች ግን 55ቱ ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጭስ ነው። ጭስ ያየ ሰው ከመግለጫው ውስጥ የምታስፈልገው «መውጫዎች በፊት፣ በመካከልና በኋላ ይገኛሉ» የምትለው ዓረፍተ ነገር እንዳልሆነች ይገባዋል። የሚያስፈልገው የራሱ ቁጥር ነው፤ ከእኔ ወንበር እስከ ቅርቡ በር ስንት ወንበር አለ? ዓይን ባያይ እጅ የወንበር መደገፊያ እየዳሰሰ ይቆጥራል። የወለሉን መብራት ያወጣሁትም ለዚህ ነው። መብራቱ መልካም ነው፣ ጥቁር ጭስ ውስጥ ግን ከሚታይ ነገር የሚዳሰሰውን አምናለሁ።

ጭምብሉ ይቀጥላል። አውሮፕላን በ35 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ በውስጡ ያለው አየር ድንገት ቢወጣ፣ ሰው አእምሮው በደንብ የሚሠራለት ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ አይጨነቅም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል ይባላል፤ ጣቱ ግን አይታዘዘውም። እናት ለልጇ ለማጥለቅ ስትታገል ይህ ጊዜ ቢያልቅባት ሁለቱም ያለ ጭምብል ይቀራሉ። የራሷን አስቀድማ ካጠለቀች ግን ልጇ ራሱን ቢስት እንኳ ልታጠልቅለት ጊዜ አላት። «መጀመሪያ ለራስ» የሚለው ለዚህ ነው፤ ለእኛ ባህል ጆሮ የሚከብድ ትእዛዝ ስለሆነ ምክንያቱን አብሬ ነገርኳት። ሳብ ማድረጉም ከንቱ አይደለም፤ ኦክስጅኑ መፍሰስ የሚጀምረው ጭምብሉ ወደ ታች ሲሳብ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ሞተሩ በአየር ላይ የፈነዳ አንድ አውሮፕላን ውስጥ መንገደኛ ያነሣው ፎቶ ነበር። በፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ጭምብሉን አፋቸው ላይ አድርገው አፍንጫቸውን ትተውታል። መግለጫውን ሰምተዋል፤ ከእሱ የያዙት ግን «ጭምብል አጥልቅ» የሚለውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከቆረጥኳቸው አንዷ ዛሬም ታሳስበኛለች፦ «ከረጢቱ ባይነፋም ኦክስጅኑ ይፈስሳል» የምትለው። የማያውቅ ሰው ከረጢቱ ዝም ሲል አይሠራም ብሎ ሊያወልቀው ይችላል። ስምንተኛ ዓረፍተ ነገር ብጨምር ደግሞ አንዷ ከሰባቱ መውጣቷ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ ይህችን አስገብቶ ሌላ ያወጣ ይሆናል።

ወረቀቴን ይዤ ሃያ ዓመት በበረራ አስተናጋጅነት ሠርታ ጡረታ ወደወጣች ጎረቤቴ ሄድኩ። አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«አጎንብሶ መቀመጡን የት ጣልከው?»

«በሰዓቱ እናንተ ትነግሯቸዋላችሁ ብዬ ነው። በጥያቄዬ ወደቀ።»

«እኛ እንናገራለን? እኛ እንጮኻለን እንጂ! የምንጮኸውስ በምን ቋንቋ ነው? ልጅቷ በምትሄድበት አውሮፕላን ላይ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ብቻ ለምታውቅ ልጅ ጩኸት ጩኸት ነው።»

ትክክል ናት። ጥያቄዬ ቀዳዳ ነበረው። «የሚነግራት ሰው አለ ወይ» ብቻ ሳይሆን «በሚገባት ቋንቋ» ማለት ነበረብኝ። ለአሜሪካዊ መንገደኛ ተቆርጦ ቢወጣ የማይጎዳ ትእዛዝ፣ ከቦሌ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትበር ልጅ ዋና ይሆናል። አሥሩን ትእዛዞች መልሼ በዚህ ዓይን አየኋቸው፤ ሌሎቹን አስተናጋጅ በእጅ ልታሳይ ትችላለች። አውሮፕላኑ ሊመታ ሲል ግን አስተናጋጆቹ ራሳቸው በወንበራቸው ታስረዋል፤ ያላቸው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ እሱ ተመለሰ፦ «ሁሉም ሲያጎነብስ አጎንብሺ፤ ራስሽን ከፊትሽ ካለው ወንበር ላይ አስጠጊ።» የእንግሊዝኛውን ቃል ላስጠናት ብዬ ነበር፤ ጎረቤቴ አልተስማማችም። በዚያ ሰዓት የባዕድ ቃል ከማዳመጥ ሌላውን ሰው ማየት ይቀላል አለች። የጭምብሉን ሁለት መስመሮች አንድ አድርጌ ቁጥሩን ሰባት ላይ አቆየሁት።

ሻንጣውን ግን ጎረቤቴ ከሁሉም በላይ ደገፈችው። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ቶኪዮ ሃኔዳ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አንድ የመንገደኞች ኤርባስ ሲያርፍ ከባሕር ጠባቂ አውሮፕላን ጋር ተጋጨና ነደደ። ውስጡ የነበሩት 379ኙም ሰዎች ወጡ። የድምፅ ማጉያው ስላልሠራ አስተናጋጆቹ በእጅ ማጉያና በጉሮሯቸው ነው ያዘዙት፤ ከስምንቱ በሮች ያገለገሉት ሦስቱ ብቻ ናቸው። የወጣው ሰው አብዛኛው ባዶ እጁን ነበር። ትልልቅ አውሮፕላኖች ለበረራ ሲፈቀዱ ግማሹ በር ተዘግቶ ሁሉም ሰው በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል በሙከራ ማሳየት ይጠበቅባቸዋል፤ በዚያ ሙከራ ላይ ሻንጣ የሚያወርድ ሰው የለም። «ልጅቷ ቦርሳዋ ውስጥ ፓስፖርቷና የሥራ ውሏ አለ» አልኳት። «ለዚህ ነዋ አስቀድሞ የሚነገራት» አለች። ከዚያ ፓስፖርቷን አንገቷ ላይ በሚንጠለጠል ትንሽ ከረጢት እንድትይዝ ተስማማን። መግለጫው ውስጥ የሌለ ነገር ነው፤ ግን ቦርሳሽን ተይ ብሎ ለመናገር ቀድሞ መንገዱን መክፈት ያስፈልጋል።

አሁን ሰባት ዓረፍተ ነገር አለኝ። የሚፈራ ሰው ሰባት ነገር በቃሉ ይይዛል ብዬ አላምንም። ወረቀቱን እያየሁ ስቀመጥ አንድ ነገር ታየኝ። ከሰባቱ ሦስቱ መታወስ የለባቸውም፤ አሁኑኑ ሊደረጉ ይችላሉ። ቀበቶውን አውሮፕላኑ ሳይነሣ ሦስት ጊዜ ብትፈታና ብታስር፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ጣቷ ነው። ወንበሮቹን እስከ በሩ አንድ ጊዜ ብትቆጥር ቁጥሩ ይቀራል። ጃኬቱን ከወንበሯ ሥር በእጇ ብትነካው የት እንዳለ አትፈልግም። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። በ2009 ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውና ሁሉም የተረፉበት አውሮፕላን 150 መንገደኞች ነበሩት፤ የአሜሪካ መርማሪዎች ኋላ እንዳረጋገጡት ጃኬቱን ለብሰው ወገቡን በትክክል ያሰሩት አራት ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ወረቀቱ ለሁለት ተከፈለ። የላይኛው ክፍል፣ ገና ሳይነሣ የሚደረግ ነው፦ «ቀበቶዬን ወደ ላይ አንሥቼ እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ፤ ሦስት ጊዜ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስከ በሩ ወንበሮች እቆጥራለሁ። ጃኬቴን ከወንበሬ ሥር በእጄ እነካለሁ።» የታችኛው ክፍል የሚያዝ ነው፦ «ጭምብል ሲወርድ ሳብ አድርጌ አፍና አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፣ መጀመሪያ የራሴን። ሁሉም ሲያጎነብስ አጎነብሳለሁ። ስወጣ ባዶ እጄን እወጣለሁ። በር ላይ ስደርስ ቀዩን እስባለሁ።»

ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ «አደርጋለሁ» የሚሉ መሆናቸው ዝም ብሎ አይደለም። መጀመሪያ የጻፍኩት «ውስጥ ሳለሽ ቀዩን አትሳቢ» የሚል ነበር። ጮክ ብዬ ሳነበው አልወደድኩትም። «ሳቢ» እና «አትሳቢ» ልዩነታቸው መጀመሪያ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ቁራጭ ናት። በአክብሮት ስንናገር ደግሞ ይብሳል፤ «ይሳቡ» እና «አይሳቡ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ሞተር እያጓራ፣ ሰው እየጮኸ፣ ያቺ ፊደል ትጠፋለች፤ የሚቀረው «ሳቡ» ነው። የምንፈልገውን ድርጊት ከቦታው ጋር ብንናገር ግን የሚጠፋ ነገር የለም። አማርኛ እዚህ ላይ ያግዘናል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ የት እንደሆነና መቼ እንደሆነ ቀድሞ ይነገራል፤ «በር ላይ ስደርስ» ሳይባል «እስባለሁ» ላይ አይደረስም። እንግሊዝኛው መግለጫ ግን ብዙ ጊዜ ድርጊቱን አስቀድሞ ሁኔታውን ከኋላ ያስከትላል፤ ጭራው ሲቆረጥ የሚወድቀው ሁኔታው ነው። የመጀመሪያ ቀን ስህተቴ ከየት እንደመጣ የገባኝ ይሄኔ ነው። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ይዤ ነበር፤ ጭራውን ስቆርጠው ተቆረጠልኝ።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ወረቀቱን ወሰድኩላት፤ አንብባ መለሰችልኝ። በዚያው ሰዓት በቃሏ ብጠይቃት ትመልስልኝ ነበር፤ ግን የመጀመሪያው ቀንም መልሳልኝ ነበር። ያኔ ያታለለኝ እሱ ነው። ወዲያው የተጠየቀ ሰው የሰማውን ድምፅ ይደግማል። ስለዚህ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፤ ከዚያም ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን ሁኔታውን ሰጠኋት። «ውኃ ላይ አርፈናል፤ ጃኬቱን ለብሰሻል፤ ወንበርሽ ላይ ነሽ። አጠገብሽ ያለው ሰውዬ ሳበውና ጃኬቱ ተነፋ። አንቺስ?»

ትንሽ አሰበች። «እሱ ይሳብ። እኔ ገና በር ላይ አልደረስኩም።»

ስለ ጭምብሉም እንዲሁ ጠየቅኳት፤ አጠገቧ ሕፃን አስቀመጥኩላት። ስለ ቦርሳው ስጠይቃት ግን ተንሸራተተች፦ «ትንሿን ብቻ ይዤ እወጣለሁ» አለች። ዓረፍተ ነገሩ «ባዶ እጄን» ይላል፤ እሷ ግን ባዶ እጅ ማለት ያለ ትልቁ ሻንጣ ማለት መስሏታል። ጥፋቱ የእኔ ነው። «አንገቴ ላይ ካለው በስተቀር ምንም አልይዝም» ብለን ቀየርነው።

ይህ ወረቀት የማይሸከመውም አለ፤ ነግሬያታለሁ። የበሩ ቁጥር በየበረራው ይለወጣል። ጃኬቱ ሁልጊዜ ከወንበሩ ሥር አይሆንም፤ በአንዳንድ አውሮፕላን ከጎን ወይም ከላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዚህ ከፊቷ ኪስ ያለውን ሥዕል ያለበትን ካርድ ታያለች፤ ሥዕሉ ቋንቋ አይፈልግም። ከመውጫ በር አጠገብ ከተቀመጠች ደግሞ በሩ እንዴት እንደሚከፈት ማወቅ አለባት፤ ያ በሰባቱ ውስጥ የለም። እዚያ ወንበር ከደረሳት አስተናጋጇን ቦታ እንድትቀይርላት እንድትጠይቅ ነገርኳት፤ እንግሊዝኛውን ለሚሰማ ሰው ቦታው ይገባል።

ከአራት ቀን በኋላ ማታ ከዱባይ ደወለች። ስለ ሙቀቱና ስለ አሠሪዋ ካወራች በኋላ ሳልጠይቃት ራሷ አነሣችው። ወንበሯ መስኮት አጠገብ ነበር፤ ወደ ኋላ ስድስት፣ ወደ ፊት አሥራ አንድ። ከወንበሯ ሥር እጇን ስትሰድ አጠገቧ የተቀመጠች የጅማ ልጅ የጠፋባት ነገር ያለ መስሏት አብራ ጎንበስ አለች። ምን እንደምትፈልግ ስታስረዳት ያቺም የራሷን ነካች።

«ቀበቶውንስ?»

«ሦስት ጊዜ። ሆስተሷ መጥታ ተቆጣችኝ፤ አስሪው ነው መሰለኝ ያለችኝ።»